ጂኑ በየትኛው መንገድ ተሻገረ? ኮንጁጌሽንን፣ ትራንስፎርሜሽንን እና ትራንስዳክሽንን በላብራቶሪ ለመለየት ዝርዝር መመሪያ

ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ቀላቅሎ፣ ሁለት አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ አፍስሶ፣ በማግስቱ ኮሎኒ ሲያይ «ኮንጁጌሽን ተካሂዷል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ሰበታ መንገድ ላይ ባለችው የማስተማሪያ ላብራቶሪያችን የሚቀርቡ ሪፖርቶች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። ያ ሳህን የሚናገረው ጂኑ መሻገሩን ብቻ ነው፤ በየት በኩል እንደተሻገረ አይናገርም። ከዚያም አልፎ ጂኑ ጨርሶ ሳይሻገር ኮሎኒ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ኮሎኒ ማብቀል ሳይሆን መንገዶቹን አንድ በአንድ መዝጋት ነው።

## 1. ከመጀመራችሁ በፊት፦ መንገዱን በሚዘጋው ነገር እወቁት

በኮንጁጌሽን ለጋሹ ሕዋስ በፒለሱ ተቀባዩን ይይዝና ፕላዝሚዱን በቀጥታ ያስተላልፋል። ሁለቱ ሕዋሳት ካልተነካኩ ነገሩ የለም። በትራንስፎርሜሽን የሞተ ወይም የፈነዳ ሕዋስ የጣለው እርቃን ዲኤንኤ ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ለዚህ ዝግጁ የሆነ ተቀባይም ከውጭ ይስበዋል። በትራንስዳክሽን ደግሞ ፌጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ የራሱን ዲኤንኤ ሲያሽግ በስህተት የባክቴሪያውን ጂን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ሕዋስ ይወስደዋል።

ሁለት መዝጊያዎች በእጃችሁ አሉ። አንደኛው 0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ነው፦ ሕዋስ አያሳልፍም፣ ዲኤንኤንና ፌጅን ግን ያሳልፋል። ሁለተኛው ዲኤንኤዝ የተባለው ኢንዛይም ነው፦ እርቃን ዲኤንኤን ይቆራርጣል፣ በተያያዙ ሁለት ሕዋሳት መካከል የሚያልፈውንና በፌጅ ራስ ውስጥ የታሸገውን ግን አይነካም። ማጣሪያው የዘጋው ኮንጁጌሽን ነው። ዲኤንኤዝ የዘጋው ትራንስፎርሜሽን ነው። ሁለቱንም ያለፈውን ለጊዜው ትራንስዳክሽን በሉት። «ለጊዜው» ያልኩበትን ምክንያት ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

## 2. ዝርያዎቹን ምረጡ

ለጋሽ፦ RP4 የተባለውን ፕላዝሚድ የያዘ የኢ. ኮላይ K-12 ዝርያ። RP4 አምፒሲሊንን፣ ካናማይሲንንና ቴትራሳይክሊንን ያላምዳል። እዚህ የምንመርጠው በካናማይሲን ነው። አምፒሲሊን አትጠቀሙ፤ የተላመደው ኮሎኒ በዙሪያው ያለውን መድኃኒት ስለሚያፈርስ ያልተላመዱ ትናንሽ ኮሎኒዎች ዙሪያውን ይበቅሉና ቆጠራችሁን ያበላሻሉ።

ተቀባይ፦ ፕላዝሚድ የሌለው፣ በክሮሞዞሙ ላይ ባለ ለውጥ ሪፋምፒሲንን የተላመደ የ K-12 ዝርያ።

ሦስተኛ መለያ ጨምሩ። ለጋሹ ላክቶስን የሚያቦካ፣ ተቀባዩ ደግሞ የማያቦካ ይሁን። ማኮንኪ አጋር ላይ ለጋሹ ቀይ ይሆናል፣ ተቀባዩ የገረጣ። ብዙዎች ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ያዩታል፤ እኔ ግን ያለ ሦስተኛ መለያ የተሠራ ሙከራ አላምንም። ለምን እንደሆነ ውጤቱን ስናነብ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአቃቂ ወንዝ ወይም ከሆስፒታል የመጣ ባክቴሪያ በዚህ ሥራ ላይ አትጠቀሙ። የምታደርጉት መድኃኒት የመላመድን ጂን ወደ ሌላ ሕዋስ ማሻገር ነው፤ ይህ መደረግ ያለበት በሽታ በማያመጣ የላብራቶሪ ዝርያ ላይ ብቻ ነው።

## 3. ሚዲያውን ለከፍታችን በሚስማማ መንገድ ቀቅሉ

ብዙው ሙከራ ገና ሳይጀመር የሚበላሸው እዚህ ነው። መጽሐፉ «በ15 ፒኤስአይ ለ15 ደቂቃ» ይላል። ያ ልክ የሚሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እዚያ 15 ፒኤስአይ ማለት 121 ዲግሪ ነው። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውሃ የሚፈላልን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ጌጁ 15 ሲያሳይ በውስጥ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

1. አውቶክሌቫችሁ ከዚያ በላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት ከሆነ ግፊቱን ወደ 19 ፒኤስአይ አድርሱ።
2. ያላችሁ 15 ፒኤስአይ የሚችል ፕሬሸር ኩከር ከሆነ ግፊቱን አትግፉ፤ ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ አርዝሙ። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሩት አየሩ በእንፋሎት ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ነው።
3. አጋሩ እጅ ሊይዘው እስኪችል ሲቀዘቅዝ፣ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ መድኃኒቱን ጨምሩ። ካናማይሲን በሚሊሊትር 50 ማይክሮግራም፣ ሪፋምፒሲን በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም። ሪፋምፒሲን በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ በዲኤምኤስኦ አሟሙት፣ ሳህኖቹንም ከብርሃን ሸሽጉ።

ከተሳሳተ፦ ምንም ባክቴሪያ ያላፈሰሳችሁበትን ሳህን ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩ። ከበቀለበት ሙሉውን ዙር ጣሉት። አንዱን ሳህን አትርፋለሁ የሚል ሰው ሁለት ሳምንት ይከስራል።

## 4. ሰባቱን ምድቦች አሰናዱ

ለጋሹንና ተቀባዩን በየብሮዛቸው ሌሊቱን አሳድጉ። ጠዋት በአዲስ ብሮዝ አቅጥናችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አሳድጓቸው። ከዚያ በሴንትሪፉጅ አውርዳችሁ፣ መድኃኒት በሌለው ብሮዝ ሁለት ጊዜ እጠቡ። እጥበቱን የዘለለ ሰው ከለጋሹ ጋር የመጣው ካናማይሲን ተቀባዩን ይገድልበትና «ኮንጁጌሽን የለም» ብሎ ይጽፋል።

ማጣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ምድቦች ከለጋሹ ብሮዝ ጥቂት ሚሊሊትር፣ መድኃኒት ሳይኖርበት ሌሊቱን ካደረው፣ በ0.22 ማይክሮሜትር የሲሪንጅ ማጣሪያ አሳልፉ። ከተጣራው 0.1 ሚሊሊትር ካናማይሲን ሳህን ላይ አፍስሱ። ምንም መብቀል የለበትም። ከበቀለ ማጣሪያው ተቀዷል ማለት ነውና ሌላ ተጠቀሙ። ይህን ፍተሻ ያላደረገ ሰው ከማጣሪያው በኋላ ስላለው ነገር መናገር አይችልም።

ምድቦቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሀ ለጋሽ ብቻ
- ለ ተቀባይ ብቻ
- ሐ ለጋሽ እና ተቀባይ
- መ ለጋሽ፣ ተቀባይ እና ዲኤንኤዝ
- ሠ የተጣራ የለጋሽ ፈሳሽ እና ተቀባይ
- ረ የተጣራ የለጋሽ ፈሳሽ፣ ዲኤንኤዝ እና ተቀባይ
- ሰ ለጋሽና ተቀባይ ተቀላቅለው ሳይቆዩ ወዲያው መምረጫው ሳህን ላይ የሚፈሱ

ዲኤንኤዝ በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ይሁን፤ 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ ጨምሩበት። ኢንዛይሙ ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። ዲኤንኤያችሁ ኢዲቲኤ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከተቀመጠ ኢዲቲኤው ማግኒዥየሙን ይይዝባችኋል። በ«ረ» ምድብ ዲኤንኤዙን መጀመሪያ ከተጣራው ፈሳሽ ጋር በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ ተቀባዩን ጨምሩ።

መብራት የሚጠፋባችሁ ከሆነ ዲኤንኤዙን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በበረዶ ሳጥን ያዙ። አንድ ጊዜ ቀልጦ ያደረ ኢንዛይም ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

## 5. አገናኟቸው፣ ከዚያም አንብቡ

RP4 የሚሠራው ፒለስ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ በሚናወጥ ብሮዝ ውስጥ እምብዛም አይሻገርም። ጠንካራ ገጽ ይፈልጋል። የኤፍ ፕላዝሚድ ከሆነ በፈሳሽም በደንብ ይሠራል፤ ከድሮ ማኑዋል «ብሮዝ ውስጥ ቀላቅሉ» የሚለውን ገልብጦ ለ RP4 የሚጠቀም ሰው ግን ውጤቱ ከሚገባው በታች ይሆንበታል።

1. ከለጋሹ 0.1፣ ከተቀባዩ 0.1 ሚሊሊትር ቀላቅላችሁ መድኃኒት የሌለበት አጋር ላይ በአንድ ቦታ አንጠባጥቡ። በ«መ» ምድብ አጋሩ ኢንዛይሙን ስለሚጠጣው ቦታውን አስቀድማችሁ በዲኤንኤዝ ቀቡት።
2. ጠብታው ሲደርቅ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተኩል አቆዩ።
3. በሉፕ ፍቃችሁ 1 ሚሊሊትር ጨዋማ ውሃ ውስጥ አስገቡ፣ የተያያዙት ሕዋሳት እንዲላቀቁ በቮርቴክስ በኃይል አናውጡ።
4. አሥር በአሥር እያቀጠናችሁ 0.1 ሚሊሊትር ካናማይሲንና ሪፋምፒሲን ባለበት መምረጫ ሳህን ላይ አሰራጩ። ለጋሹን ለመቁጠር ማኮንኪ ከካናማይሲን ጋር ተጠቀሙ፣ ቀዮቹን ብቻ ቁጠሩ። የገረጡት ፕላዝሚዱን የተቀበሉ ናቸውና ከለጋሽ አይቆጠሩም።

አንድ ሙሉ ንባብ እንሥራ። «ሐ» ላይ ሺህ ጊዜ ከቀጠነው ሳህን 84 ኮሎኒ ቆጠራችሁ እንበል። 84 በ0.1 ሲካፈል 840፣ በሺህ ሲባዛ በሚሊሊትር 840,000 ይሆናል። መቶ ሺህ ጊዜ ከቀጠነው የለጋሽ ሳህን ደግሞ 62 ቀይ ኮሎኒ ካገኛችሁ ለጋሾቹ በሚሊሊትር 62 ሚሊዮን ናቸው። 840,000 ለ62 ሚሊዮን ሲካፈል 0.0135 ይመጣል፤ ከ74 ለጋሽ አንዱ ገደማ ፕላዝሚዱን አሳልፏል ማለት ነው። «መ» ላይ 79 ኮሎኒ ብታገኙ ዲኤንኤዙ ምንም አልቀነሰም፤ በ84 እና በ79 መካከል ያለው ልዩነት የአቆጣጠር መዋዠቅ ነው። «ሠ» እና «ረ» ባዶ ከሆኑ ማጣሪያው ዘግቶታል። ኮንጁጌሽን ነው።

ባዶ ሳህንን «ዜሮ» ብላችሁ አትጻፉ። ካልቀጠነው 0.1 ሚሊሊትር አሰራጭታችሁ ምንም ካላያችሁ የምታውቁት በሚሊሊትር ከ10 በታች መሆኑን ብቻ ነው።

«ሀ» ላይ ኮሎኒ ካለ፦ ለጋሹ ውስጥ በራሳቸው ለውጥ ሪፋምፒሲንን የተላመዱ ሕዋሳት ይኖራሉ፤ ከመቶ ሚሊዮን አንድ የሚሆን ሕዋስ እንዲህ ይለወጣል። ሁለት እንዲህ ዓይነት ኮሎኒዎች ከ840,000 አጠገብ ምንም አይደሉም። ትራንስዳክሽን ስትሠሩ ግን ውጤቱ በአጠቃላይ ጥቂት ኮሎኒ ሊሆን ስለሚችል እነዚያ ሁለቱ ታሪኩን በሙሉ ይቀይሩታል። መፍትሔው ሦስተኛው መለያ ነው፦ ከመምረጫው ሳህን ኮሎኒዎችን በጥርስ መፋቂያ እያነሳችሁ መድኃኒት የሌለበት ማኮንኪ ላይ ንኩ። ቀይ ከሆነ የተለወጠ ለጋሽ ነው፤ የገረጣ ከሆነ ጂን የተቀበለ ተቀባይ ነው። ሪፋምፒሲኑን ማኮንኪው ውስጥ አትጨምሩ፤ መድኃኒቱ ራሱ ቀላ ያለ ስለሆነ ቀለሙን ያምታታል።

«ሰ» ላይ ብዙ ኮሎኒ ካለ፦ ባክቴሪያዎቹ የተገናኙት መምረጫው ሳህን ላይ፣ መድኃኒቱ ሳይገድላቸው በፊት ነው። ሳህኑም ጠንካራ ገጽ ነውና RP4 ይስማማዋል። የ«ሐ»ን ቁጥር የምታምኑት ከ«ሰ» በብዙ እጥፍ ሲበልጥ ነው። በብዛት አቅጥናችሁ ማሰራጨትም ይህን ይቀንሳል።

## 6. የሌሎቹ ሁለት መንገዶች ኮንትሮል

አሁን አንድ ጠንካራ ጠያቂ «ዲኤንኤዛችሁ መሥራቱን በምን አወቃችሁ?» ሊላችሁ ይችላል። ትክክል ነው። ኢ. ኮላይ በተራ ብሮዝ ውስጥ እርቃን ዲኤንኤ የመሳብ ልማድ የለውም፤ ስለዚህ «ሠ» ባዶ መሆኑ ትራንስፎርሜሽንን በዚህ ዝርያ ላይ እንጂ በአጠቃላይ አላስወገደም። በእጃችሁ ሲሠራ ያላያችሁትን መንገድ «የለም» ማለት አትችሉም።

ለትራንስፎርሜሽን አሲኔቶባክተር ቤይሊ ADP1 ተጠቀሙ። ይህ ባክቴሪያ እያደገ ሳለ ያለ ምንም ልዩ ዝግጅት ዲኤንኤ ይስባል።

1. ሪፋምፒሲንን የተላመደ ADP1 በሉፕ ሙሉ አንሱ፣ 0.05 በመቶ ኤስዲኤስ ባለበት ግማሽ ሚሊሊትር የጨውና የሲትሬት ፈሳሽ ውስጥ አድርጋችሁ በ60 ዲግሪ አንድ ሰዓት አሞቁ። ሕዋሳቱ ፈንድተው ዲኤንኤያቸውን ይለቃሉ።
2. መድኃኒት በሌለው አጋር ላይ ያልተላመደውን ADP1 በሦስት ቦታ ቀቡ። በአንዱ ላይ ከፈነዳው ፈሳሽ ጠብታ፣ በሁለተኛው ላይ በዲኤንኤዝና በማግኒዥየም የቆየ ጠብታ፣ በሦስተኛው ላይ ጨዋማ ውሃ አድርጉ።
3. በ30 ዲግሪ ሌሊቱን አሳድሩ። የተቀበለው ሕዋስ አዲስ የተላመደ ኢንዛይም እስኪሠራ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ሰዓት የቸኮለ ሰው ምንም አያገኝም።
4. ከየቦታው ወደ ሪፋምፒሲን ሳህን አዛውሩ።

የመጀመሪያው ቦታ በብዛት በቅሎ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በራስ ለውጥ ከሚመጡት ጥቂት ኮሎኒዎች በቀር ባዶ ከሆኑ ዲኤንኤዙ ይሠራል። ሁለተኛውም ከበቀለ መጀመሪያ ማግኒዥየሙን ጨምሩ፦ በፈነዳው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሲትሬት ይይዘዋል። እስከዚያ ድረስ የ«መ» ምድብ ውጤታችሁ ዋጋ የለውም።

ለትራንስዳክሽን P1 ፌጅ ውሰዱ። ክሮሞዞሙ ላይ የካናማይሲን ጂን ባለው ኢ. ኮላይ ላይ አባዙት፣ የቀሩ ሕዋሳትን በክሎሮፎርም ግደሉ፣ ከዚያም አጣሩ። ክሎሮፎርሙ ተቀባዩን እንዳይገድል ቱቦውን ከፍታችሁ በጭስ ማውጫው ሥር አተንኑት።

1. ከተቀባዩ 0.1 ሚሊሊትር 5 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት አዘጋጁ። P1 ያለ ካልሲየም ሕዋሱ ላይ አይጣበቅም፤ የአብዛኛው ሰው ባዶ ሳህን ምክንያቱ ይህ ነው።
2. 0.01 ሚሊሊትር ፌጅ ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ አቆዩ።
3. መጣበቁን ለማስቆም 100 ሚሊሞላር እንዲሆን ሶዲየም ሲትሬት ከ1 ሚሊሊትር ብሮዝ ጋር ጨምሩ። አንድ ሰዓት አቆዩና ካናማይሲን ሳህን ላይ አሰራጩ።
4. ፌጅ ብቻ፣ ተቀባይ ብቻ ያሉባቸው ሳህኖችም ይኑሩ።

ኮሎኒ ካጣችሁ ፌጁን አብዝታችሁ አትጨምሩ፤ ቀንሱ። ጂን ከያዘው አንድ ፌጅ ጋር የራሱን ዲኤንኤ የያዙ እጅግ ብዙ ፌጆች አሉ፤ ሲበዙ ጂኑን የተቀበለውን ሕዋስ ራሱን ይገድሉታል።

## 7. መረጃው ሲያታልል

ዚንደርና ሌደርበርግ በ1952 ያወጡት ሥራ ለዚህ ደረጃ ጥሩ መለማመጃ ነው። በሳልሞኔላ ውስጥ ኮንጁጌሽን ሲፈልጉ LA-2 እና LA-22 የተባሉ ሁለት ዝርያዎችን በዩ ቅርጽ ቱቦ ውስጥ፣ መሃል ላይ ማጣሪያ አድርገው አስቀመጡ። ሕዋሳቱ ሳይነካኩ ጂን ተሻገረ፤ ስለዚህ ኮንጁጌሽን አይደለም። ዲኤንኤዝ ጨመሩ፣ አልቆመም፤ ትራንስፎርሜሽንም አይደለም። አዲስ ጠባይ ያመጡት ሕዋሳት የተገኙት ደግሞ በ LA-22 ወገን ብቻ ነበር። LA-22 ክሮሞዞሙ ውስጥ P22 የተባለ ፌጅ ደብቆ ይኖራል። ፌጁ አልፎ አልፎ ይወጣና ማጣሪያውን ተሻግሮ LA-2ን ያፈነዳል፣ የ LA-2ን ጂን ይዞ ይመለሳል። ለጋሽ ነው የተባለው ተቀባይ፣ ተቀባይ የተባለው ለጋሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤት ከማወጃችሁ በፊት የማጣሪያውን ሙከራ በሁለቱም አቅጣጫ ሥሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ አስተውሉ።

ፌጅ ፕላዝሚድም ሊሸከም ይችላል። P1 የሚያሽገው እስከ 100 ኪሎቤዝ ገደማ ሲሆን RP4 60 ኪሎቤዝ ገደማ ነው፤ ይገባል። P22 ግን የሚይዘው 44 ኪሎቤዝ አካባቢ ስለሆነ RP4ን በሙሉ አይችለውም። «ፕላዝሚድ ተሻግሯልና ኮንጁጌሽን ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። የተሻገረውን ቁራጭ መጠን ካወቃችሁ ግን አንዳንድ ፌጆችን ከተጠርጣሪ ዝርዝር ማውጣት ትችላላችሁ።

ሌላው፣ ብዙ ባክቴሪያዎች ከውጭ ሽፋናቸው ትንንሽ ከረጢቶችን ይለቃሉ፣ በውስጣቸውም ዲኤንኤ ሊኖር ይችላል። እነዚህም በማጣሪያ ያልፋሉ፣ ዲኤንኤዝም አይደርስባቸውም። ሁለቱንም መዝጊያ ያለፈ ነገር ካገኛችሁ ከተጣራው ፈሳሽ ከፊሉን በክሎሮፎርም ናጡና ዲኤንኤዝ ጨምሩበት። የከረጢቱ ሽፋን ስብ ስለሆነ ይፈርሳል፣ ዲኤንኤውም ይጋለጣል። P1ና P22 ግን ይተርፋሉ። የፌጁን መኖር በቀጥታ ለማየት ከፈሳሹ ጠብታ በተቀባዩ በተሸፈነ ሳህን ላይ አድርጉ፤ ጠርቶ የቀረ ክብ ቦታ ካያችሁ ፌጅ አለ። ሽፋኑ ስብ የሆነ ፌጅም ስላለ ክሎሮፎርሙ ውጤቱን ማጥፋቱ ብቻውን ፌጅን አያስወግድም።

## 8. ሳህኖቹን አጥፉ

በእጃችሁ አሁን ከጠዋቱ ይልቅ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አለ። ሳህኖቹን፣ ቱቦዎቹንና የጥርስ መፋቂያዎቹን ሙቀት በሚችል ከረጢት አድርጋችሁ ቀቅሉ፤ በ15 ፒኤስአይ ፕሬሸር ኩከር ከሆነ የታጨቀ ቆሻሻ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ከአንድ ሰዓት አታሳንሱ። ክሎሮፎርም የነካውን ግን አትቀቅሉ፣ በበረኪናም አትዘፍዝፉ፤ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ለብቻው አኑሩት። ፌጅ የፈሰሰበትን ጠረጴዛ አልኮል ብቻ አያጸዳውም፤ በቀጠነ በረኪና 20 ደቂቃ ሸፍናችሁ ከዚያ ጥረጉ። P1 ላብራቶሪው ውስጥ ከቀረ የሚቀጥለው ክፍል ኢ. ኮላይ ጠዋት ሲታይ ብሮዙ ጠርቶ ይገኛል።